ስድስት ፊደል፣ አምስት ቀለም

«ለሕፃናት መዘምራን ‹ሳይለንት ናይት› የተባለውን የገና መዝሙር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ‹ስሊፕ ኢን ሄቨንሊ ፒስ› የሚለውን ‹ተኛ የኔ ልጅ› አልኩት። ቆጥሬዋለሁ፤ ስድስት ለስድስት ነው። ሲዘመር ግን አንድ ኖታ ይተርፋል፤ መጨረሻው ላይ የልጆቹ ድምፅ ይታነቃል። ጓደኛዬ ‹እኮ› ጨምርበት ብሎኝ ጨመርኩ፤ አልተሻለውም።»

«አንድ ኖታ ይተርፋል» ሲሉ ጠረጠርኩ። የቆጠሩት ፊደል ነው። ኖታ የሚፈልገው ግን ቀለም ነው፤ አንድ ቀለም ማለት በአንድ አናባቢ የሚወጣ ድምፅ ነው።

ጣጣው ያለው ሳድስ ላይ ነው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ካሉት ፊደሎች አናባቢው የሚጠፋበት ጊዜ ያለው እሱ ብቻ ነው። አንዳንዴ አጭር «እ» ይይዛል፣ አንዳንዴ ባዶውን ይቀራል። «ልጅ»ን ይዩት። «ል» ላይ ትንሽ «እ» አለች፤ «ጅ» ላይ ምንም የለም። ሁለት ፊደል፣ አንድ ቀለም። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ ሁለት ቀለም። ጽሕፈታችን ይህን ስለማይለይ ዓይን ይሸወዳል። ስለዚህ ወረቀቱን ይተዉና ቀስ ብለው እየተናገሩ ያጨብጭቡ። ተኛ፣ ሁለት። የኔ፣ ሁለት። ልጅ፣ አንድ። በድምሩ አምስት ነው፤ የተረፈው ኖታም ይኸው ነው።

«እኮ»ን ያውጡት። እንዲህ ያለ ርካሽ መሙያ የስንቱን ትርጉም እንዳበላሸ አይቻለሁ። ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ ለሕፃን የሚባል ቃል አይደለም።

መታነቁ ሌላ ነው። መዝጊያው ቀለም ረጅም ነው፤ እዚያው ላይ ወደ ከፍታ ይወጣል። «ጅ» አይጎተትም፤ ስለዚህ ልጆቹ ያቺን «እ» ይጎትቷታል። ከፍ ያለ ረጅም ኖታ ላይ ሳድስ አያስቀምጡ፤ የልጅ ድምፅ ያንቃል። የግድ የእንግሊዝኛውን አናባቢ መያዝም የለብዎትም። የመዝሙሩ መነሻ የሆነው ጀርመንኛው «ሩ» ብሎ በ«ኡ» ይዘጋል፤ ጆን ፍሪማን ያንግ በ1859 ያሳተመው እንግሊዝኛ «ፒስ» ብሎ በ«ኢ» ዘጋው። ሁለቱም ይጎተታሉ።

መጀመሪያ «እፎይ ብለህ ተኛ»ን ሞከርኩ። ስድስት ቀለም ነው፣ በ«ኛ» ይዘጋል። ግን ሦስተኛው ኖታ የስንኙ ከፍተኛው ነው፤ እዚያ ላይ «ብ» ወደቀች። ጣልኩት። «እሹሩሩ ተኛ» ልክ ገባ። «ሩ» ከፍታው ላይ ተቀመጠች፣ «ኛ» ረጅሙ ላይ። መነሻዋ «እ» አጭር ኖታ ላይ ስለሆነች አትጎዳም።

ሲደገም ዜማው ይወርዳል፤ «ስሊፕ» ብቻውን ሁለት ኖታ ይይዛል። ያን ለሁለት ይፍቱት፤ ሰባት ኖታ ያገኛሉ። «በሰላም ተኛ ልጄ» ሰባት ቀለም ነው። «ል» ዝቅ ያለች አጭር ኖታ ላይ ትውላለች፤ መዝጊያው «ጄ» ነው።

ሌሎቹን ስንኞች ሲሠሩም መጀመሪያ ከፍ ያሉትንና ረጃጅሞቹን ኖታዎች በእርሳስ ያክብቡ። እዚያ ላይ ሳድስ ካዩ ለልጆቹ ከመስጠትዎ በፊት ይቀይሩት።