ቃር ሳይኖር ድምፅን የሚያጎረንን የጨጓራ አሲድ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 41 ዓመቴ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። ከሁለት ወር ወዲህ ድምፄ ጎርንኗል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጨርሶ አልወጣ ይለኛል። ጉሮሮዬን ስጠርግ እውላለሁ፤ ስነቃ አፌን ይመረኛል። ቶንሲል ነው ብዬ አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝቼ ሁለት ጊዜ ጨረስኩ፤ ለውጥ የለም። ቃር አያውቀኝም። ማታ ፈተና ሳርም አመሽና ወደ አራት ሰዓት ራቴን በልቼ ወዲያው እተኛለሁ። አጎቴ የሞቱት በጉሮሮ ካንሰር ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ በቅድሚያ ስላሳሰበዎት ነገር ልናገር። የዘረዘሯቸው ምልክቶች ከካንሰር ይልቅ ከጨጓራ ወደ ላይ የሚመለስ አሲድን ይመስላሉ። ጠዋት የሚብስ መጎርነን፣ የአፍ መምረርና የማያቋርጥ ጉሮሮ መጥረግ በአንድ ላይ ሲገኙ፣ በተለይም ሰውየው በልቶ ወዲያው የሚተኛ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ደብዳቤ አንብቦ ካንሰር የለብዎትም ሊል የሚችል ሐኪም የለም።

ቃር አለመኖሩ ጨጓራን ከጥርጣሬ ነፃ አያደርገውም። ምግብ የሚወርድበት ቧንቧ አሲድን በመጠኑ ይቋቋማል፤ ምራቅም ቶሎ ያጥብለታል። የድምፅ አውታሮች የሚገኙበት ማንቁርት ግን ይህን ያህል መከላከያ የለውም፤ ስለዚህ ደረት ላይ ምንም የማያቃጥል ጥቂት አሲድ፣ አብሮት ከሚወጣው ፔፕሲን ከተባለው ምግብ ፈጪ ንጥረ ነገር ጋር፣ ማንቁርቱን ለማስቆጣት ይበቃል። በእንቅልፍ ጊዜ ደግሞ የምንውጠውም የምናመነጨውም ምራቅ ስለሚቀንስ ወደ ላይ የወጣው እዚያው ይቆያል።

አሁን ወደ አሞክሳሲሊኑ ልምጣ፤ በዚህ ላይ ትዕግሥቴ አጭር ነው። በአገራችን ጉሮሮው የከረከረው ሁሉ ቶንሲል ነው ብሎ ፋርማሲ ይሄዳል። ቶንሲል በድንገት ይጀምራል፤ ትኩሳት ያመጣል፤ ምራቅ ለመዋጥ እንኳ ያሳምማል፤ አብዛኛውን ጊዜም በሳምንት ገደማ ያልፋል። ሁለት ወር ሙሉ ያለ ትኩሳት ድምፅን የሚያጎረንን ቶንሲል የለም። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን ይገድላል እንጂ አሲድን አይነካም፤ በአንጻሩ ሆድ ሊያስቀምጥ፣ አለርጂ ሊቀሰቅስና በእውነት በሚያስፈልግዎት ቀን ባክቴሪያው ተላምዶት እንዳይሠራ ሊያደርግ ይችላል። ከዚህ ሁሉ የከፋው የሚወስደው ጊዜ ነው፦ ይህን ልጨርስና ልየው፣ አልሆነም፣ ጠንከር ያለውን ልሞክር እየተባለ ወራት ያልፋሉ። ሦስተኛ ዙር እንዳይጀምሩ። ለጉሮሮ ሕመም ተብሎ የሚዋጠው ዳይክሎፌናክም ጨጓራን ይጎዳል። የጠዋት ሎሚም ቢሆን በተቆጣ ጉሮሮ ላይ አሲድ መጨመር ነው።

አራት ሳምንት ያለፈው መጎርነን መታየት አለበት፤ የእርስዎ ሁለት ወር ሆኖታል። በዚህ ሳምንት የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ዘንድ ይሂዱ። ሐኪሙ አፍንጫዎን በመድኃኒት አደንዝዞ፣ እንደተቀመጡ፣ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ አስገብቶ የድምፅ አውታሮችዎን ያያል፤ ምቾት ባይሰጥም የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። የሚያጠራጥር ነገር ካየ ካንሰር መሆን አለመሆኑ እንዲታወቅ ናሙና ይወሰዳል። ጠጣር ምግብ መዋጥ ካስቸገረዎት፣ አንገትዎ ላይ እብጠት ከወጣ፣ ደም ከተፉ ወይም ሳያስቡት ከከሱ በዚያው ቀን ይሂዱ፤ ትንፋሽዎ እየጮኸ የሚያጥርዎት ከሆነ ግን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

የአሲዱን ጉዳይ ግን ዛሬ ማታ መጀመር ይችላሉ። የሚተኙት አራት ሰዓት ከሆነ ራትዎን እስከ አንድ ሰዓት ይጨርሱና ፈተናውን ከራት በኋላ ያርሙ። በራት ላይ ቅባትና በርበሬ ይቀንሱ፤ የማታ ቡና ይቅርብዎት። ከአልጋው የራስጌ እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው እንጨት ወይም ጡብ ያስገቡ፤ ትራስ መደራረብ ወገብን አጥፎ ሆድን ስለሚጫን አይጠቅምም። ጉሮሮዎን ለመጥረግ ሲያምርዎት አንድ ጉንጭ ውኃ ይዋጡ፤ በጠረጉት ቁጥር የድምፅ አውታሮቹ ይጋጩና ያብጣሉ፣ እብጠቱም መልሶ ያስጠርግዎታል።

ኦሜፕራዞልን በተመለከተ፣ ሐኪምዎ አይቶ ካዘዘልዎት የሚዋጠው ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው፤ ብዙ ሰው በልቶ ይውጠውና አልሠራልኝም ይላል። መድኃኒቱ አሲዱን ይቀንሳል እንጂ ወደ ላይ መመለሱን አያቆምም፤ ቃር በሌለው ሰው ላይም ውጤቱ ሁልጊዜ የተረጋገጠ አይደለም። ማንቁርት ቀስ ብሎ ስለሚያገግም በአንድ ሳምንት ለውጥ አይጠብቁ፤ በትክክል ወስደውት በሁለት ወይም በሦስት ወር ምንም ካልተሻለዎት ግን በራስዎ መጠኑን ከመጨመር ይልቅ ወደ ሐኪምዎ ተመልሰው ሌላ ምክንያት ይፈለግ።