የቀረው 0.85 ነው

«ጋሼ፣ ደሴ የፋርማሲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሞዴል ፈተና ላይ ዕድሜዋ 68፣ ክብደቷ 45 ኪሎ፣ ክሬቲኒኗ 1.6 የሆነ ታካሚ ሜሮፔነም በየ8 ሰዓቱ 1 ግራም ታዞላት መጣች። የኩላሊቷን አቅም 28 ብዬ አወጣሁና መጠኑን በየ12 ሰዓቱ 1 ግራም አደረግሁት፤ ስህተት ተባልኩ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይጥለኛል። ምኞቴ ሆስፒታል ነበር፤ አሁን ግን ስሌት ለእኔ አይሆንም ብያለሁ። አጎቴ ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት ሊከፍት ነው፤ ‹ፈቃድሽን ብቻ ስጪኝ፣ በየወሩ እከፍልሻለሁ፣ መምጣት አይጠበቅብሽም› ይለኛል። የሆስፒታል ደመወዝም ትንሽ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ስሌትሽ ላይ ጉድለት አላየሁም። ዕድሜውን ከ140 ቀንሰሻል፣ በክብደቱ አባዝተሻል፣ በ72 እና በክሬቲኒኑ አካፍለሻል፦

(140 − 68) × 45 ÷ (72 × 1.6) = 28.1

የቀረሽ ታካሚዋ ሴት መሆኗ ብቻ ነው። የኮክክሮፍትና ጎልት ቀመር እ.ኤ.አ. በ1976 ሲወጣ የተመሠረተው በአብዛኛው ከወንዶች በተገኘ መረጃ ላይ ነበር። ክሬቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ስለሆነና ሴቶች በእኩል ክብደት የሚኖራቸው ጡንቻ በአማካይ ያነሰ ስለሆነ፣ ለሴት ውጤቱ በ0.85 ይባዛል፤ 28.1 የነበረው 23.9 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ይሆናል።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም የሜሮፔነም የመጠን ሠንጠረዥ የሚከፈለው እዚሁ መካከል ነው። ከ26 እስከ 50 ላለ አቅም ሙሉው 1 ግራም በየ12 ሰዓቱ ይሰጣል፤ ከ10 እስከ 25 ሲሆን ግን ግማሹ፣ ማለትም 500 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ ነው። ስለዚህ አንቺ ያዘዝሽው በቀን 2 ግራም፣ የሚገባት ደግሞ 1 ግራም ነበር። መድኃኒቱ በአብዛኛው ሳይለወጥ በሽንት የሚወጣ በመሆኑ ትርፉ በሰውነት ይከማቻል፤ በእንዲህ ዓይነት ታካሚ ላይ ቀድሞ የሚፈራውም የሚጥል መንቀጥቀጥ ነው።

ከዚህ በኋላ ቁጥር ከመንካትሽ በፊት ጾታውን፣ የክሬቲኒኑን መለኪያና የምትጠቀሚበትን ክብደት አረጋግጪ። ቀመሩ የሚሠራው በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው፤ ላቦራቶሪው በማይክሮሞል በሊትር ከሰጠሽ በ88.4 አካፍይው። ታካሚዋ ለቁመቷ ከሚገባው ክብደት በታች ከሆነች ደግሞ የምትወስጂው ትክክለኛ ክብደቷን ነው።

ፈተናው የሚጠይቅሽ እስከዚህ ነው፤ ሆስፒታል ግን ከዚህ ያልፋል፤ እኔም የሥራ ዘመኔን የጀመርኩት በሕሙማን ክፍል ስለሆነ ይህን ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም። ቀመሩ ክሬቲኒኑ የተረጋጋ መሆኑን ያስባል። ትናንት 0.9 የነበረው ዛሬ 1.6 ከደረሰ፣ ኩላሊቷ አሁን ያለው አቅም ከ23.9 ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ደም ውስጥ ያለው ክሬቲኒን የኩላሊቱን ጉዳት ዘግይቶ ነው የሚከተለው። ስለዚህ የቀደመውን ውጤትና የሽንቷን መጠን ጠይቂ። በሌላ በኩል፣ ከባድ ኢንፌክሽን ያለባት ታካሚ የመጀመሪያዋን መጠን በኩላሊት ምክንያት መቀነስ ልማድ ሊሆን አይገባም፤ የመጀመሪያው መጠን የሚወሰነው መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ በሚሰራጭበት ስፋት ነው፤ የኩላሊቱ አቅም የሚገባው ከዚያ በኋላ ባሉት መጠኖችና በመካከላቸው ባለው ሰዓት ላይ ነው። 23.9 ከ26 ብዙም አይርቅም፤ በሠንጠረዡ ድንበር ላይ ያለችን ታካሚ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ መወሰን የፋርማሲስቱ ሥራ ነው። ይህን የሚሠራ ሰው በየክፍሉ ያስፈልጋል፤ በአንዲት የተረሳች ማባዣ ምክንያት ከሆስፒታል መሸሽሽን አልደግፍም።

የአጎትሽን ነገር በግልጽ ልናገር፦ የጠየቁሽ ፈቃድሽን እንድታከራዪ ነው፤ ይህ ሕገ ወጥ ነው፤ ዘመድ መሆናቸውም አይለውጠውም። አንቺ በሌለሽበት ለአንድ ኩላሊቱ የደከመ ሽማግሌ ለወገቡ ሕመም ዳይክሎፌናክ ቢሸጥና ቢጎዳ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው። መድኃኒት ቤት መሥራት ከፈለግሽ ራስሽ ቆመሽ የምትሠሪበት ይሁን።

ደመወዙ ትንሽ ነው፤ አልክድም። ብዙዎች ማታ በግል መድኃኒት ቤት ተረኛ ሆነው ያሟሉታል።

ለዛሬ ይህችኑ ሴት ውሰጂና ክሬቲኒኗን 1.1 አድርጊው። ላቦራቶሪው ጤናማ ነው የሚል ወረቀት ሊሰጥሽ ይችላል፤ ቀመሩ ግን 34.8 ገደማ ይሰጥሻል፤ አሁንም መጠኑ በየ8 ሰዓቱ አይሆንም። ቀጥሎ ዕድሜዋን ወደ 40 ዝቅ አድርጊና ሠንጠረዡ የት ላይ እንደሚያደርስሽ ጻፊልኝ።