“ባት” ከአፍ፣ “ኢ-” ከመጽሐፍ፦ መስተጻምርና ቅጥያ የሚዋሱባቸው ሁለት መንገዶች

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የአማርኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ እርስ በርስ ሲያወሩ “ልመጣ ነበር፣ ባት ዘነበ” ይላሉ፤ የእንግሊዝኛውን የብዙ ቁጥር “-ስ” በአማርኛ ስም ላይ ሲቀጥሉ ግን ሰምቼ አላውቅም። እኔም የተማርኩት መጀመሪያ ስሞች፣ ቀጥሎ መስተጻምሮች፣ በመጨረሻም ቅጥያዎች እንደሚዋሱ ነው። ታዲያ የግእዙ “ኢ-” እንዴት “ኢመደበኛ” ውስጥ ገባ? ቃሉስ ትክክል ነው?

መልስ፦ “ኢመደበኛ” ትክክለኛ ቃል ነው፤ የተማሩት ቅደም ተከተልም ከነገሩ ጋር አይጣላም። ቅደም ተከተሉ በአብዛኛው የተቀመረው ሁለት ቋንቋ የሚችሉ ሰዎች በየዕለቱ በአፍ በሚቀላቅሉበት ሁኔታ ላይ ሲሆን፣ ግእዝ ለአማርኛ ያበደረው ግን በንባብና በትምህርት ነው። ሁለቱ የግንኙነት ዓይነቶች የሚያስተላልፉት ነገር አንድ አይደለም፤ ጥያቄዎም በትክክል ይህን ልዩነት የሚያሳዩ ሁለት ምሳሌዎች ይዟል።

ደረጃው ራሱ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ዊልያም ዊትኒ እ.ኤ.አ. በ1881 ስም ከሁሉ ቀድሞ እንደሚዋስና የሰዋስው ጭራዎች ከመጨረሻዎቹ እንደሆኑ ጽፎ ነበር። ኤይናር ሃውገን እ.ኤ.አ. በ1950 አሜሪካ የሰፈሩ የኖርዌይና የስዊድን ተወላጆች ከእንግሊዝኛ የወሰዷቸውን ቃላት ቢቆጥር፣ ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጉት ስሞች ሆነው አገኛቸው። ሳራ ቶማሰንና ቴሬንስ ካውፍማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ደረጃውን ከግንኙነቱ ጥንካሬ ጋር አያያዙት፦ በላላ ግንኙነት የነገር መጠሪያዎች፣ ትንሽ ጠበቅ ሲል መስተጻምሮች፣ ይበልጥ ሲጠብቅ ቃል መሥሪያ ቅጥያዎች ይገባሉ፤ ቁጥርን፣ ጾታንና ሰው መደብን የሚያመለክቱት ቅጥያዎች ከኋላ ይመጣሉ። ይህ ሁሉ ብዙ ቋንቋዎችን በማየት የተደረሰበት የዝንባሌ መግለጫ ነው እንጂ የማይጣስ ሕግ አይደለም፤ እንደ ሕግ የሚያስተምሩት መጻሕፍት ናቸው ብዙውን ግራ መጋባት ያመጡት።

ከመስተጻምሩ እንጀምር። ያሮን ማትራስ እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረበው ጥናት “ግን” ከ“ወይም” በፊት፣ “ወይም” ደግሞ ከ“እና” በፊት እንደሚዋሱ አሳይቷል። ስዋሂሊ ለዚህ ግልጽ ምስክር ነው፤ ለ“ግን” “ላኪኒ”ን፣ ለ“ወይም” “አው”ን ከዐረብኛ ሲወስድ፣ ለ“እና” ግን የራሱን የባንቱ “ና” ይዞ ቀርቷል። የፊሊፒንስ ታጋሎግም ከስፓኒሽ “ፔሮ”ንና “ኦ”ን ወስዶ “እና”ን በራሱ “አት” ይላል። ዐረብና እስፓኝ በእነዚህ ሁለት አገሮች ተገናኝተው አልተማከሩም፤ ተመሳሳይነቱ የመጣው ከተናጋሪው ሥራ ነው። “እና” የተጀመረውን ሐሳብ ሲያስቀጥል፣ “ግን” አድማጩ የጠበቀውን ይሰብራል። ተማሪዎ “ልመጣ ነበር” ሲል ጓደኛው “መጥተሃል” ወደሚለው ያዘነብላል፤ ተናጋሪው ይህን ግምት ወዲያው መመለስ አለበት። ማትራስ እንደሚለው ሁለት ቋንቋ የሚችል ሰው በዚህ ጭንቅ በሚበዛበት ቅጽበት ከሁለቱ ቋንቋዎች አንዱን የመግታት ኃይሉ ይላላል፤ በማኅበራዊ ኑሮ የበላይ የሆነው ቋንቋም ሾልኮ ይወጣል። “ባት” በዓረፍተ ነገሩ መጋጠሚያ ላይ ለብቻው የሚቆም፣ ከግሱ ጋር የማይስማማ፣ ምንም የማይቀጠልበት ቃል መሆኑም መንገዱን ያቀናለታል።

ይሁን እንጂ “ባት” ዛሬ በአማርኛ ተውሷል ለማለት አልደፍርም። መለኪያው እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው ይለዋል ወይ የሚለው ነው። በሐይቁ ዳር አሣ የምትሸጥ፣ ትምህርት ቤት ያልገባች እናት ከደንበኛዋ ጋር ስትከራከር “ባት” ካለች ቃሉ የአማርኛ ሆኗል። እስከዚያ ድረስ ግን የሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎች መቀያየር ነው፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ሲወጡ የሚተውት ከሆነ ደግሞ የጓደኝነት ምልክት እንጂ የሰዋስው ለውጥ አይደለም።

አሁን ወደ ግእዝ እንሂድ። የጣና ገዳማት መነኮሳትም ሆኑ በዘጌና በጎጃም ቅኔ ቤቶች የተቀመጡ ተማሪዎች ለዘመናት ግእዝ እያነበቡና እየጻፉ በአማርኛ ኖረዋል። የግንኙነቱ ዕድሜ ረጅም ነው፤ ግን ግእዝ በገበያ ተከራክሮ፣ ተቆጥቶ፣ ቃሉን መልሶ አያውቅም። የግእዙ የተቃርኖ መስተጻምር “ባሕቱ” በአማርኛ ንግግር ውስጥ ያልገባው ለዚህ ይመስለኛል። “ወ-” የምትለውም በ“ወዘተ” ውስጥ ደርቃ ቀርታለች። የቆሎ ተማሪ በየደጁ ቆሞ “በእንተ ስማ ለማርያም” ሲል ያልሰማ የጎጃም ልጅ የለም፤ “በእንተ” “ስለ” ማለት መሆኑንም ብዙው ይገምታል፤ ሆኖም “በእንተ ገንዘብ ተጣሉ” የሚል ሰው አይገኝም። ሐረጉ እንዳለ ተወሰደ እንጂ ቃሉ ከውስጡ አልወጣም። እንግዲህ መስተጻምር ከቅጥያ ይቀድማል የሚለው ደረጃ በግእዝና በአማርኛ መካከል ተገልብጧል ማለት ነው።

ቅጥያ በዚህ መንገድ እንዴት ሊገባ ቻለ? ፍራንክ ሳይፋርት የቅጥያ ውሰትን በሁለት ይከፍለዋል፦ ቅጥያው ከምንጩ ቋንቋ በቀጥታ የሚወሰድበትና፣ መጀመሪያ ሙሉ ቃላት ገብተው ተናጋሪው በኋላ ቅጥያውን ከእነርሱ የሚፈለቅቅበት። “-አዊ” በሁለተኛው መንገድ የመጣ ነው። “ሰማያዊ”፣ “ምድራዊ”፣ “መንፈሳዊ”፣ “ሥጋዊ”፣ “ዓለማዊ” ከነቅጥያቸው በስብከትና በመጽሐፍ ገቡ። እዚህ ላይ ወሳኙ ነገር የቃላቱ ብዛት ሳይሆን ጥንድነታቸው ነው፤ “ሰማይ”፣ “ምድር”፣ “መንፈስ” ማንም አማርኛ ተናጋሪ ለብቻቸው የሚያውቃቸውና ከተቀጠሉት ይልቅ አዘውትሮ የሚጠራቸው ቃላት ናቸው። ሁለቱን አስተያይቶ ልዩነቱ “-አዊ” እንደሆነና ትርጉሙም “የዚያ የሆነ” እንደሆነ ለመረዳት ግእዝ መማር አያስፈልገውም። ቅጥያው እንደተፈለቀቀ የሚታወቀው ግእዝ ፈጽሞ በማያውቀው መሠረት ላይ ሲቀጠል ነው፤ “ኢኮኖሚያዊ”፣ “ፖለቲካዊ”፣ “ሳይንሳዊ” የመሳሰሉት ማስረጃው ናቸው። ግእዝና አማርኛ ዘመዳሞች ስለሆኑ “የወረስነው እንጂ የተዋስነው አይደለም” የሚል ሙግት ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን ለዚሁ ሥራ የአፍ አማርኛ የራሱ ቅጥያ አለው። በጣና ዙሪያ ሰው ስለ ጎረቤቱ “ጎጃሜ ነው፣ ጎንደሬ ናት” ይላል፤ “ጎጃማዊ” የመድረክና የጽሑፍ ቃል ነው።

እንግሊዝኛ ይህን ያልቻለው ጥንዱን ስላልሰጠን ነው። “ማኔጀር” እና “ማኔጅመንት” የታወቁ ቃላት ናቸው፤ “ማኔጅ” ግን ለብዙው ሰው ባዶ ድምፅ ስለሆነ “-መንት”ን ነቅሎ አማርኛ ላይ የሚቀጥል የለም። የብዙ ቁጥሩ “-ስ” ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለበት፤ ቦታው በ“-ኦች” ተይዟል። “ኮምፒውተሮች”፣ “ፊልሞች” ስንል መሠረቱን ብቻ ወስደን የራሳችንን ጭራ እናበጅለታለን።

ለዚህ የግእዝ ብዙ ቁጥርም ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። “ቃላት”፣ “ሕፃናት”፣ “መምህራን” ለዘመናት አብረውን ኖረዋል፤ ጥንዱም አለ፤ ሆኖም “ባንካት” ወይም “ሆቴላት” አንልም። ተማሪዎችዎ “ቃላቶች” ብለው ሲጽፉ ቀይ ቀለም ሳያነሡ አይቀሩም፤ እርማቱ ተገቢ ነው፣ ስሕተቱ ግን “-ኣት” በጸሐፊው ጆሮ የብዙ ቁጥር ምልክት ሆኖ እንዳልተፈለቀቀ ይመሰክራል። አንድ ማለፊያ ግን አግኝቷል። “ጃፓናውያን”፣ “አሜሪካውያን” ስንል የግእዙ ብዙ ቁጥር በባዕድ መሠረት ላይ ወጥቷል፤ ይህም የሆነው “-አዊ” ብቻውን ሳይሆን “-አዊት”ንና “-አውያን”ን አስከትሎ ስለገባ ነው። ሳይፋርት በደቡብ አሜሪካ በሬሲጋሮ ቋንቋ ላይ ያስተዋለው ይህንኑ ነው፦ ከጎረቤቱ ከቦራ የተዋሳቸው ቅጥያዎች የሚገኙት ከየቦታው ተለቃቅመው ሳይሆን እርስ በርስ በተሳሰሩ ስብስቦች ነው።

የግስን ጭራ እስከ መዋስ የሚደርስ ግንኙነትም አለ፣ ብርቅ ነው እንጂ። ኡሪኤል ዋይንራይክ እ.ኤ.አ. በ1953 ያነሣው የሜግሌን ሮማንያውያን ጉዳይ የታወቀ ነው። በግሪክና በመቄዶንያ አካባቢ ከቡልጋርኛ ተናጋሪዎች ጋር ተደባልቀው ሲኖሩ፣ “አገኛለሁ” የሚለው “አፍሉ” “አፍሉም”፣ “ታገኛለህ” የሚለው “አፍሊ” “አፍሊሽ” ሆነ። “-ም” እና “-ሽ” የቡልጋርኛ ናቸው። ልብ ይበሉ፤ አዲሶቹ ጭራዎች ነባሮቹን አላባረሩም፣ በላያቸው ተደረቡ እንጂ። ሁለቱም ቋንቋዎች በዚያው ቦታ ያንኑ ሰው መደብ ያመለክቱ ስለነበር መግጠሚያው ዝግጁ ነበር። ሕዝብ ለሕዝብ ተቀላቅሎ መኖርና የሁለቱ ሰዋስው መገጣጠም ሲደመሩ ነው እንዲህ ያለው ነገር የሚሆነው።

“ኢ-”ም በ“-አዊ” ዱካ የሄደ ነው። “ኢአማኒ”ን የመሰሉ ቃላት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቀደሙ፤ በኋላ የአስተዳደርና የጋዜጣ አማርኛ “ኢሰብአዊ”፣ “ኢፍትሐዊ” አለ፤ ከዚያም “ኢዴሞክራሲያዊ” መጣ፤ መካከሉ ከአውሮፓ፣ ሁለቱ ጫፎች ከግእዝ። “ኢመደበኛ” ከእነዚህ ሁሉ አንድ እርምጃ ያልፋል፤ መሠረቱ የሚያልቀው በ“-ኛ”፣ ማለትም በአማርኛው ቅጥያ ነውና፣ “ኢ-” የግእዙን ጓደኛ “-አዊ”ን ሳይጠብቅ ሠርቷል። ነገር ግን በግእዝ የነበረውን ሥልጣን ሁሉ ይዞ አልመጣም። ግእዝ “ኢመጽአ” ብሎ ግስን በእርሱ ያፈርሳል፤ አማርኛ ግን “አልመጣም” ይላል፤ “ኢመጣ” የሚል የለም። የማፍረሱ የግስ ቦታ በ“አል-…-ም” ስለተያዘ፣ “ኢ-” የተሰጠው ቅጽል የመሥራት ሥራ ብቻ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎችዎ “ኢመደበኛ ሰፈራ”፣ “ኢፍትሐዊ ክፍፍል” ብለው ቢጽፉ አያርሙባቸው። “ኢቆንጆ” ወይም “ኢረጅም” ቢሉ ግን ያርሙ፤ ቅጥያው እስካሁን የሚቀበለው በ“-አዊ” የሚያልቁትን ቅጽሎችና በጣት የሚቆጠሩ ሌሎችን ነው፤ ለቀሩት “የማያምር”፣ “ዋጋ ቢስ”፣ “ሐሳብ የለሽ” የሚሉት የአማርኛ አሠራሮች በቂ ናቸው። አጻጻፉን በተመለከተ በጭረት ለይቶ “ኢ-መደበኛ” የሚልም አለ፤ እኔ ግን ገጥሞ መጻፉን እመርጣለሁ፤ “-አዊ”ን በጭረት የሚለይ የለምና።