ድንቹን ብሌንደር ውስጥ አትክተቺው

«ባህር ዳር ነው የምኖረው። ድንች ቀቅዬ ስፈጨው ሁሌ እንደ ሙጫ ይሳባል። ልስልስና ቀለል ያለ እንዲሆን ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ በብሌንደር ነው የምትፈጪው አይደል? እኔንም ያቃጠለኝ እሱ ነው። እዚሁ ከተማችን ያለ አንድ ዕቃ ቤት «ድንች ሳይቀር ቅቤ ያደርገዋል» ብሎ ሸጠልኝ። እንግዳ ጠርቼ ከቀረሶ ጥብስ ጋር ላቀርብ ስል ድንቹ ከማንኪያው ጋር እየተሳበ መጣ። ብመልሰው ሻጩ «አንቺ አታውቂበትም» ብሎ ሰው ፊት አሳፈረኝ። ገንዘቤንም አልመለሰም። አሁንም ያናድደኛል፤ ጥፋቱ የማሽኑ ነበርና።

ስታርቹ ድንቹ ውስጥ በጥቃቅን ክፍሎች ታሽጎ ነው ያለው። ሲበስል ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። የብሌንደር ቢላ ክፍሎቹን ሲበጣጥሳቸው ስታርቹ ይፈሳል፣ ሙጫ የሚሆነውም ያኔ ነው። ሙቀጫ ውስጥ ብትወቅጪውም ያው ነው።

1. ሲበስል ፍርስርስ የሚል ድንች ግዢ። ተቀቅሎም ሳይፈርስ ጠንከር ብሎ የሚቀረው ለወጥ ይሁን። አንድ ኪሎውን ልጠሽ በእኩል መጠን ተለቅ ተለቅ አድርገሽ ቁረጪ። ከቀዝቃዛ ውሃና ከጨው ጋር ጣጂው።

2. አትቸኩዪ። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቆላ ካለው ሰው ይልቅ እኛ ጋ ይዘገያል። ቢላ ስትሰኪበት ያለምንም ትግል ከገባና ድንቹ ከቢላው ተንሸራቶ ከወደቀ በስሏል። መሃሉ ጠንከር ካለ ጓል ይይዛል፣ ጓሉን ላጥፋ ብለሽ ስትመቺው ደግሞ ሙጫ ታደርጊዋለሽ።

3. ውሃውን አጥልለሽ ድንቹን ባዶ ድስት ውስጥ መልሺውና በቀስታ እሳት ላይ ድስቱን ወዝወዝ አድርጊው። እንፋሎቱ ሲቀንስና የድንቹ ጠርዝ ነጣ ብሎ ዱቄት የነካው ሲመስል አውርጂ። እኔ ይህቺን ካወቅኩ ወዲህ ድግስ ያለው ዘመድ ሁሉ ድንቹን ለኔ ነው የሚተወው! አክስቴማ ሌላ ሰው እንዲነካው አትፈቅድም። ትኩስ እያለ በሽቦ ወንፊት ላይ በማንኪያ ጀርባ ወደ ታች ጫን እያደረግሽ አሳልፊው። ማንኪያውን ክብ እያዞርሽ አትሺው። መጀመሪያ 100 ግራም ያህል የገበታ ቅቤ፣ ከዚያ ትኩስ ወተት በትንሽ በትንሹ ጨምሪበት። አንድ የሻይ ብርጭቆ ተኩል አካባቢ ይበቃዋል። በማንኪያ ገልበጥ ገልበጥ አድርጊና እንደተዋሃደ እጅሽን ሰብስቢ። ለጾም ከሆነ ዘይትና ከቅቅሉ ያስቀረሽው ውሃ ይተካሉ።

አንዴ ሙጫ የሆነውን ግን ቅቤም ወተትም አይመልሰውም። እንቁላልና ትንሽ ዱቄት ቀላቅለሽ ጠፍጠፍ አድርገሽ ጥበሺው። ልጆች ይወዱታል።