ትናንት አብሯችሁ ትሪ ይዞ ለነበረ ሰው ማስጠንቀቂያ ስትጽፉ

በሬስቶራንት ሥራ ገና ካፕቴን ወይም ሱፐርቫይዘር ለሆናችሁ ልጆቼ፤

ደጋግሞ ላረፈደ አስተናጋጅ ማስጠንቀቂያ መጻፍ የሚከብዳችሁ ሰውየው ጓደኛችሁ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ወይ ታልፉታላችሁ፣ ወይ አንድ ቀን ሲብስባችሁ ንዴታችሁን ወረቀት ላይ ታፈሱታላችሁ። በቅርቡ አንድ ወጣት ሱፐርቫይዘር እንዳየው የሰጠኝ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «ሁልጊዜ እያረፈዱና ለሥራዎ ደንታ ቢስ እየሆኑ ደንበኞቻችንን አስከፍተዋል።» የትኛው ቀን? ስንት ደቂቃ? የትኛው ደንበኛ? «ደንታ ቢስ» ደግሞ የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ መፍረድ ነው፤ ሰዓት መቆጣጠሪያው ይህን አይመዘግብም።

መዝገቡን አምጣ አልኩት። የጠዋት ፈረቃ መግቢያ 1፡00 ሰዓት ሲሆን ልጁ ጥቅምት 4፣ 9፣ 17 እና 21 አርፍዷል። ከመጻፍህ በፊት ጠይቀው አልኩት፤ ጠየቀው። ጥቅምት 9 ቀን ልጁ አስቀድሞ ደውሎ ካፕቴኑን አስፈቅዶ ኖሯል፤ ካፕቴኑ ነው መዝገቡ ላይ ሳያሰፍር የቀረው። ያ ቀን ወዲያው ወጣ። የጥቅምት 17ቱ ደግሞ ሌላ ነገር ገለጠ፤ ዋዜማውን ማታ ዘግቶ ቤቱ የገባው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነበር። ሰው ማታ አዘግቶ ጠዋት 1፡00 የሚያስገባ ፕሮግራም ያወጣው ማን ሆነና! ቀኑ አልተሰረዘም፣ ምክንያቱ ግን ደብዳቤው ውስጥ ገባ። ተስተካክሎ የወጣው ይኸው፦

«ቀን፦ ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለአቶ …
ጉዳዩ፦ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት

የጠዋት ፈረቃ መግቢያ 1፡00 ሰዓት ሆኖ ሳለ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1፡25፣ ጥቅምት 17 ቀን 1፡20፣ ጥቅምት 21 ቀን 1፡35 ሰዓት ላይ መግባትዎን የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገቡ ያሳያል። ጥቅምት 21 ቀን የተመደቡባቸው 4 ጠረጴዛዎች ሳይዘጋጁ እንግዶች በመግባታቸው ሌላ አስተናጋጅ ደርቦ እንዲሸፍን ተደርጓል። ጥቅምት 22 ቀን ባደረግነው ውይይት የጥቅምት 17ቱ መዘግየት ዋዜማውን የማታ ፈረቃ በመዝጋትዎ የመጣ መሆኑን አስረድተዋል። በመሆኑም ከኅዳር 1 ቀን ጀምሮ ማታ በዘጉ ማግስት ጠዋት አይመደቡም። ከእንግዲህ በሰዓቱ እንዲገቡ፣ የሚያዘገይ ችግር ሲገጥምዎም ከ1፡00 ሰዓት በፊት ለካፕቴኑ እንዲያሳውቁ እያስጠነቀቅን፣ አስተያየት ካለዎት በጽሑፍ ሊሰጡን ይችላሉ።»

በአፍ «አንተ» የምትሉትን ልጅ እዚህ «እርስዎ» በሉት። ትክክለኛው አክብሮት ግን ያልሆነ ነገር አለመጨመር ነው። «አስጠነቀቅን» የሚለውን ደግሞ በ«አደራ» እና በ«እባክዎ» አታለዝቡት፤ ሰውየው ምስጋና ይሁን ማስጠንቀቂያ ሳይገባው እንዳይቀር።

አንዳንዱ ቀኖቹን በማስታወሻው እያጠራቀመ ቆይቶ በአንድ ደብዳቤ ሊያሰናብት ይሞክራል። አያዋጣውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለ በቂ ምክንያት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድን ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ውል ለማቋረጥ ምክንያት የሚያደርገው ሠራተኛው በጽሑፍ እየተነገረው ሲደጋግም ነው። ተደብቆ የተቆጠረ ማርፈድ ክርክር ሲመጣ ለድርጅቱ ብዙም አይጠቅምም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ ሊታረም የሚችልበትን ጊዜ በልቶበታል። የደመወዝ ቅጣትንም በራሳችሁ ሥልጣን ደብዳቤው ውስጥ አትጨምሩ፤ ከደመወዝ የሚቆረጠው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲፈቅድ ብቻ ነው።

አሰጣጡም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ምሳ ሲጦፍ፣ ኪችን በር ላይ፣ ኩኮቹ እያዩ አትስጡት። ፈረቃው አልቆ፣ ሂሳቡን ካስረከበ በኋላ ቢሮ አስገቡትና እስኪያነበው ጠብቁ። ግርጌው ላይ «ደርሶኛል» ብሎ እንዲፈርም ስትጠይቁ ፊርማው መቀበሉን እንጂ ጥፋቱን ማመኑን እንደማያሳይ ንገሩት፤ ብዙዎች እምቢ የሚሉት ይህን ባለማወቅ ነው። አሁንም አልፈርምም ካለ አትሟገቱት። በቦታው የነበሩ ሁለት ሰዎች «ተነቦለት ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነም» ከሚለው ሥር ቀኑን ጽፈው ይፈርሙ፤ አንዱን ቅጂ ለእሱ ስጡት፣ ሌላው በግል ማህደሩ ይቀመጥ።