የሰኞ ስብሰባሽ የመጀመሪያ አንድ ደቂቃ

«ከሁለት ወር በፊት በምሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ ሱፐርቫይዘር ሆንኩ። በየሰኞው በር ከመከፈቱ በፊት ዘጠኝ ሠራተኞችን ሰብስቤ አነጋግራለሁ። ዋና ገንዘብ ያዡ በዕድሜ አባቴን ያህላሉ። ስጀምር አፌ ይተሳሰራል፤ ወይ ሰላምታና ምስጋናው ይረዝምብኛል፣ ወይ በቁጣ እከፍተዋለሁ። በየሳምንቱ በአንድ ዓይነት መንገድ አጠር አድርጌ የምጀምርበትን ንግግር እንዴት ላዘጋጅ?»

እህቴ፣ ሰላምታውን አታሳጥሪው፤ ቦታውን ብቻ ቀይሪው። ሰኞ ጠዋት እናቱ እንደተሻላቸው፣ የልጁ ትኩሳት እንደለቀቀ ሳይጠየቅ በቀጥታ ወደ ሥራ የተገባበት ሰው ቅር ይለዋል። 1:20 ላይ ገብተሽ እየዞርሽ ሰላም በይ፤ ገንዘብ ያዡን ደግሞ ከሁሉ አስቀድመሽ፣ የተቀመጡበት ድረስ ሄደሽ። ያ ካለቀ በኋላ ስብሰባው አንድ «እንደምን አደራችሁ» ይበቃዋል።

ከዚያ የምትናገሪው አራት ነገር ነው፤ የሚያበቃበት ሰዓት፣ ባለፈው ሳምንት የገባነው ቃል፣ የዛሬው ጥያቄ፣ መጀመሪያ የሚናገረው ሰው። በአንቺ ቅርንጫፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እንደምን አደራችሁ። አሁን 1:30 ነው፤ 1:50 ላይ ወደየመስኮታችን እንሄዳለን። ባለፈው ሰኞ የኤቲኤም ካርድ ማስረከቢያው መዝገብ እስከ ረቡዕ እንዲስተካከል ተስማምተን ነበር፤ ተስተካክሏል። እኔ አስመጣለሁ ያልኩት የብር መቁጠሪያ ማሽን ግን አልመጣም፤ ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ዛሬ የምንወስነው አንድ ነገር ነው፤ አርብ ከሰዓት ወረፋው በር ሲደርስ ሦስተኛውን መስኮት ማን ይክፈት? ከመስኮት ሁለት እንጀምር፤ ጋሼ መጨረሻ ላይ ያሳርጉልናል።»

ድምፅሽን አውጥተሽ በስልክሽ ሰዓት ለኪው፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም። «ባለፈው ሰኞ… ተስማምተን ነበር» እና «ዛሬ የምንወስነው አንድ ነገር ነው» የሚሉት ቃላት በየሳምንቱ አይለወጡም፤ የሚለወጠው መሃሉ ነው። መሃሉን አርብ በር ከተዘጋ በኋላ፣ ወረፋው ገና ከዓይንሽ ሳይጠፋ፣ ማስታወሻ ደብተርሽ ላይ ሙዪው። እሑድ ማታ ከሆነ የምታስታውሺው ያናደደሽን ብቻ ነው፤ ቁጣውም ከዚያ የሚመጣ ይመስለኛል። ሰኞ ከደብተርሽ እያየሽ ብታነቢ ማንም አይታዘብሽም።

ከአራቱ ከባዱ ስለ ቃል የምትናገሪው ነው። ያልተፈጸመ ነገር ሲኖር «አልተፈጸመም» ብለሽ አዲሱን ቀን ተናግረሽ እለፊ፤ ለምን እንዳልተፈጸመ ባለቤቱን ከስብሰባው በኋላ ለብቻው ጠይቂው። የሒሳብ ጉድለት የወጣበት ሰው ጉዳይም እንደዚሁ በመክፈቻው ውስጥ አይገባም። የራስሽ ጉድለት ግን ይግባ፣ እንዳለ። አለቃ የራሱን «አልመጣም» ካላለ ሌላው ሰው የእሱን መሸፈን ይጀምራል። ይህ መሥራቱን የምታውቂው ከስብሰባው ውጭ ነው፤ አንዱ ሐሙስ ቀን ኮሪደር ላይ አስቁሞሽ «ያ ነገር አልቋል፣ ሰኞ ሳትጠይቂኝ ብዬ ነው» ሲልሽ።

ጥያቄው ደግሞ በሃያ ደቂቃ የሚመለስ ይሁን። «የደንበኛ አያያዛችንን እናሻሽል» ብትዪ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ማንም ግን ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ይወጣል። «ሦስተኛውን መስኮት ማን ይክፈት» ካልሽ አንድ ስም ይዘሽ ትወጫለሽ።

ገንዘብ ያዡን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት በምክንያት ነው። አክብሮት ለማሳየት መጀመሪያ ዕድል ብትሰጫቸው፣ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ወጣቶቹ «ጋሼ እንዳሉት» ከማለት አያልፉም። ማሳረግ ግን የታላቅ ሰው ወግ ነው፤ ክብራቸው አይነካም፣ አንቺም የሁሉንም ሐሳብ ትሰሚያለሽ። ብቻ አርብ ዕለት ጥያቄውን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ሰኞ በሰው ፊት ድንገት ከመጣ ፈተና ይመስላል።

እኔ ስምንት ሰው በምመራበት ጊዜ ያበላሸሁት ነገር የመነሻ ሰዓቱን ነበር። ሁለት ሰዎች ስለሚያረፍዱ አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ሲገቡ ደግሞ የተናገርኩትን እደግምላቸዋለሁ። በወር ውስጥ በሰዓቱ ይመጡ የነበሩት ሰዎች ራሳቸው ማርፈድ ጀመሩ፤ ምን አስቸኮላቸው? 1:30 ሲሆን ሦስት ሰው ብቻ ቢኖርም ጀምሪ፣ ዘግይቶ ለገባም አትድገሚ። አጠገቡ ያለው ይነግረዋል።

ከባልደረቦችሽ አንዱ ቤት ለቅሶ ባለበት ሰኞ ደብተሩን ዝጊው። መቼ ሄደን እንደምናስተዛዝን፣ መስኮቱን ማን እንደሚሸፍንለት ተነጋገሩና ወደ ሥራ ግቡ፤ የሦስተኛው መስኮት ጉዳይ ለሚቀጥለው ሰኞ ይቆያል።