ለሰፈር የእግር ኳስ ውድድር አንድ አጭር ፖስት

«ለሰፈራችን የበጎ አድራጎት ውድድር ፌስቡክ ላይ ልለጥፍ ነው። ቀኑን፣ ቦታውንና ምዝገባውን በአንድ አጭር ጽሑፍ እንዴት ላስገባው?»

ቀኑና ቦታው መጀመሪያው መስመር ላይ ይሁኑ። ረዘም ያለ ጽሑፍ ስልክ ላይ ይቆረጣል፤ ቀሪውን ለማየት See more መንካት አለበት፣ ብዙ ሰው ደግሞ አይነካውም። እንዲህ ጻፈው፦

«ቅዳሜ ሰኔ 14 ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ። 8 ቡድን፤ በቡድን 7 ተጫዋችና 3 ተቀያሪ። የመመዝገቢያው ገንዘብ በሙሉ ለተማሪዎች ደብተር መግዣ ይውላል። የቡድኑን ስምና የአምበሉን ስልክ እስከ ሰኔ 7 በዚህ ቁጥር በቴክስት ላኩ፦ …»

«የፊታችን ቅዳሜ» እንዳትል። ፖስቱ ለአንዳንዱ ሰው ከቀናት በኋላ ነው የሚደርሰው፤ የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አያውቅም። ስልክ ቁጥሩንም ፖስተሩ ላይ ብቻ አትተወው፣ ከምስል ላይ ኮፒ ማድረግ ያስቸግራል።

ከመለጠፍህ በፊት ማን እንደሚያየው አረጋግጥ። Friends ላይ ከሆነ ሌሎች ሼር ቢያደርጉትም ያንተ ጓደኛ ያልሆነ ሰው አያየውም፤ Public አድርገው። 8ቱ ቡድን ሲሞላ አዲስ ፖስት አያስፈልግም። ያንኑ Edit ብለህ መጀመሪያው ላይ «ምዝገባ ተዘግቷል» ብትጨምር ሼር በተደረገውም ላይ ይታያል።